የአምስት ገጽ መልስ በአንድ ገጽ፦ ምን ይቀራል፣ ምን ይሄዳል

ለፈተና የተጻፈ ረጅም መልስ ሲያጥር መጀመሪያ የሚጠፋው ክርክሩ ነው። ዓመተ ምሕረቱ አይጠፋም። የሰውና የአገር ስምም አይጠፋም። ስምና ቁጥር ወረቀት ላይ ጎልተው ስለሚታዩ ሁሉም ሰው ይለቅማቸዋል። «ይሁን እንጂ» ብሎ የሚጀምረው ዓረፍተ ነገር ግን ቦታ የሚያባክን ይመስላል፤ ስለዚህ ይሰረዛል። በመጨረሻ እጃችን ላይ የሚቀረው ጽዱና ባለ ቀለም ሾርት ኖት ነው። ለማየት ደስ ይላል። ፈተና ላይ ግን ያንኑ መልስ መልሶ አያስጽፍም።

ታሪክ የሚማሩ ልጆችን ሳስጠና ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። የቅርቡን ምሳሌ ልውሰድ፤ የእህቴ ልጅ ናት። ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የጻፈችው መልስ በእውነት ጥሩ ነበር። አስተማሪዋም ጥሩ ነጥብ ሰጥቷታል። ለማጠቃለያ ፈተና እንዲሆናት ወደ አንድ ገጽ የክለሳ ወረቀት ልትለውጠው ፈለገች።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋነኛ መንስኤ የኃያላኑ የኪዳን ሥርዓት ነበር ማለት ይቻላል? ማስረጃ እያቀረባችሁ ተከራከሩ።»

የእሷ መልስ ባጭሩ «በከፊል» የሚል ነበር። ኪዳኖቹ በባልካን የተነሳው ጠብ ለምን መላ አውሮፓን እንዳዳረሰ ያስረዳሉ። ጠቡ ለምን ወደ ጦርነት እንደተለወጠ ግን አያስረዱም። ለዚያ የጦር ዕቅዶቹንና በ1914 ጁላይ ውስጥ የተወሰኑትን ውሳኔዎች ማየት ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) መልሱ መግቢያ፣ አምስት አንቀጽና መደምደሚያ አለው። እያንዳንዱ አንቀጽ ያለፈውን ወይ ይደግፋል፣ ወይ ይገድባል።

የመጀመሪያው ሾርት ኖቷ አምስት ርዕሶች ነበሩት፦ የኪዳን ሥርዓት፣ ሚሊታሪዝም፣ ኢምፔሪያሊዝም፣ ብሔርተኝነት፣ የሳራዬቮ ግድያ። በየትኛውም የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የምናገኘው ዝርዝር ማለት ነው። «የኪዳን ሥርዓት» በሚለው ሥር ይህን ጽፋለች፦ 1879 ጀርመንና ኦስትሪያ-ሀንጋሪ፤ 1882 ጣሊያን ተጨመረች፤ 1894 ፈረንሳይና ሩሲያ፤ 1904 ብሪታኒያና ፈረንሳይ፤ 1907 ብሪታኒያና ሩሲያ። አንዱም አልተሳሳተም።

ወረቀቱን እያየች እንድትመልስ አንድ ጥያቄ ጠየቅኳት። «በ1914 ጦርነቱ ሲጀመር ጣሊያን ከማን ጋር ሆነች?»

ወረቀቷን አየት አደረገች። «ከጀርመን ጋር ነዋ!»

«እስቲ መልስሽን አንብቢው» አልኳት። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ራሷ ተቃራኒውን ጽፋለች። ያውም የመልሱ ጠንካራ አንቀጽ እሱ ነው። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ጋሼ፣ ይሄን እኮ የማውቀው ነገር ነበር» አለች። እውነቷን ነው፤ ታውቀዋለች። ያሳሳታት ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ ጣሊያን መፈረሟን ያዘና ሳትዋጋ መቅረቷን ጣለ፤ የመጀመሪያው ባለ ዓመተ ምሕረት ነበር፣ ሁለተኛው ደግሞ ባለ «ነገር ግን»።

ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደገና አብረን ጀመርን።

መጀመሪያ ያደረግነው ማድመቂያውን ከእጇ መቀበል ነው። መልሱን እያነበቡ የሚያስፈልገውን ማቅለም ሁሉም ሰው የሚጀምርበት መንገድ ነው። ችግሩ ቀለሙ የሚያርፈው እንደገና በስምና በቁጥር ላይ መሆኑ ነው። በእሱ ፋንታ እርሳስ ሰጠኋትና ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን ሥራውን እንድትጽፍ ጠየቅኳት። ምን ይላል አይደለም ጥያቄው፤ ምን ይሠራል ነው። አቋም ነው? ማስረጃ ነው? ማስረጃውን ከአቋሙ የሚያገናኝ ማብራሪያ ነው? ወይስ አቋሙን የሚገድብ ተቃውሞ? አራት ስሞች ይበቃሉ። አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አራቱንም አይሆንም፤ ለማሳመር ብቻ የገባ ነው። መግቢያው አብዛኛው እንዲህ ነው። እሱ ያለ ጸጸት ይሰረዛል።

የጣሊያኑን አንቀጽ እንዳለ ላስቀምጠው፦

«በ1882 ጣሊያን ከጀርመንና ከኦስትሪያ-ሀንጋሪ ጋር የሦስትዮሽ ኪዳን ተፈራረመች። ኪዳኖቹ አገሮችን በግድ ወደ ጦርነት የሚጎትቱ ቢሆኑ ኖሮ ጣሊያን በ1914 ከሁለቱ ጎን መሰለፍ ነበረባት። ነገር ግን ኪዳኑ የመከላከያ ኪዳን ነው፣ ጠብ የጀመረችው ደግሞ ኦስትሪያ-ሀንጋሪ ናት ብላ ገለልተኛ ሆነች። በ1915 ጭራሽ በሌላው ወገን ገብታ ኦስትሪያ-ሀንጋሪን ወጋች። ስለዚህ ኪዳን መፈረም ለመዋጋት መወሰን ማለት አልነበረም።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማስረጃ ነው። ሁለተኛው ማብራሪያ ነው፤ ማስረጃው ለምን እንደመጣ ይነግረናል። ሦስተኛውና አራተኛው እንደገና ማስረጃ ናቸው። አቋሙ ያለው መጨረሻ ላይ ነው። ረጅም መልስ ውስጥ ይህ የተለመደ ነው፤ ጸሐፊው አንባቢውን እየመራ ወስዶ መደምደሚያው ላይ ያደርሰዋል። የክለሳ ወረቀት ግን ማንንም አያሳምንም። ስለዚህ አንቀጹ ይገለበጣል። መጨረሻ ላይ ያለው «ስለዚህ» ወደ ላይ ወጥቶ ርዕስ ይሆናል፤ የቀረው ከሥሩ ይገባል። እንዲህ ሆነ፦

ኪዳን መፈረም ለመዋጋት መወሰን አልነበረም
ማስረጃ፦ ጣሊያን። 1882 ፈረመች፤ 1914 ግን ገለልተኛ፤ 1915 በተቃራኒው ወገን።
ምክንያቷ፦ ኪዳኑ የመከላከያ ነው፤ ጠብ ጫሪዋ ኦስትሪያ-ሀንጋሪ ናት።
የሚያፈርሰው፦ «ኪዳኖቹ ሁሉንም በግድ ጎተቱ» የሚለውን።

መጨረሻ ላይ ያለችውን መስመር ልብ በሉልኝ። «የሚያፈርሰው» ወይም «የሚደግፈው» የምትል መስመር በየብሎኩ ሥር ካለች፣ ማስረጃው ከክርክሩ ጋር እንደተያያዘ ይቆያል። ያቺ መስመር ከሌለች ጣሊያን ተመልሳ ዓመተ ምሕረት ብቻ ትሆናለች።

አሁን ርዕሶቹን እንያቸው። ብዙ ሰው ርዕስ ሲባል የክፍሉ ስም ይመስለዋል። «የኪዳን ሥርዓት» ስም ነው። ስለ ኪዳን ሥርዓት ምን እንደሚባል ግን አይናገርም። እዚህ ርዕስ ሥር ማንኛውንም ነገር መጨመር ይቻላል፤ ለዚህም ነው እንዲህ ያለ ሾርት ኖት እየወፈረ የሚሄደው። «ኪዳን መፈረም ለመዋጋት መወሰን አልነበረም» የሚለው ግን ግስ አለው። አንድ ነገር ይላል። ሥሩ የሚገባውንና የማይገባውን ራሱ ይመርጣል።

አምስቱን አንቀጾች በዚሁ መንገድ ስንገለብጣቸው እነዚህ ርዕሶች ወጡ፦

ኪዳኖቹ ጦርነቱ ለምን እንደሰፋ ያስረዳሉ።
ነገር ግን ኪዳን መፈረም ለመዋጋት መወሰን አልነበረም።
ብሪታኒያም የገባችው የሚያስገድዳት ኪዳን ኖሮ አይደለም።
የጦር ዕቅዶቹ ለድርድር የሚሆን ጊዜ አሳጡ።
ቢሆንም ጦርነቱን ያመጣው በጁላይ 1914 ሰዎች የወሰኑት ውሳኔ ነው።

እንግዲህ የርዕሶቹ ፈተና ይህ ነው። ከሥራቸው ያለውን ሁሉ በእጅ ሸፍኖ ርዕሶቹን ብቻ ከላይ እስከ ታች ማንበብ። ጥያቄውን የሚመልስ አንድ አጭር አንቀጽ ከሆኑ ወረቀቱ መልሱን ይዟል። የመጽሐፍ ማውጫ ከመሰሉ አልያዘም። «ነገር ግን» እና «ቢሆንም» ርዕስ ውስጥ መግባታቸው ለዓይን ያስቸግራል፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ሆን ብዬ አስቀራቸዋለሁ። ሁለት ብሎኮች እንዴት እንደሚገናኙ የሚናገሩት እነሱ ብቻ ናቸው።

ሦስተኛው ርዕስ ላይ ትንሽ ተከራክረናል። እሷ መጀመሪያ የጻፈችው «ብሪታኒያ የገባችው በቤልጂየም ምክንያት ነው» የሚል ነበር። ያጥራል፣ ያምራልም። ጀርመን ኦገስት 4 ቀን ቤልጂየምን ወረረች፤ ብሪታኒያም በዚያው ዕለት ጦርነት አወጀች። የቤልጂየምን ገለልተኝነት ለማስከበር በ1839 የተፈረመ ውል ነበር። ይሄ ሁሉ ልክ ነው። ግን ብሪታኒያ ፈረንሳይ ተሸንፋ ጀርመን የአህጉሩ ጌታ እንዳትሆን መፍራቷም ሌላ ምክንያት ነበር፤ መልሷ ውስጥም በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅሷል። ርዕሱ «በቤልጂየም ምክንያት» ካለ ያንን ዓረፍተ ነገር ይውጠዋል። ስለዚህ ርዕሱን የመልሱ ክርክር በሚያስፈልገው ልክ ብቻ አሳጠርነው፦ የሚያስገድዳት ኪዳን አልነበረም። ቤልጂየምና የፈረንሳይ ጉዳይ ሁለቱም ከሥሩ ገቡ። ርዕስ ሲያጥር ከመልሱ የበለጠ እርግጠኛ እየሆነ ይሄዳል፤ መቆጣጠር ያለብን እሱን ነው።

ወደ ቁልፍ ቃላት ስንመጣ እሷ ሃያ ምናምን ቃል አስምራ ነበር። ሃያ ነገር ቁልፍ ከሆነ አንዱም ቁልፍ አይደለም። መመዘኛ ያደረግነው ይህን ነው፦ ይህ ቃል ቢወጣ የትኛው ርዕስ ይፈርሳል? የሚፈርስ ርዕስ ከሌለ ቃሉ ለዚህ ወረቀት ቁልፍ አይደለም፤ ለሌላ ወረቀት ይሆን ይሆናል።

በዚህ መመዘኛ ኢምፔሪያሊዝም ወጣ። መልሷ ውስጥ አንድም ቦታ አልተከራከረችበትም፤ ከመጽሐፉ ዝርዝር በልማድ የመጣ ነው። ድሬድኖትም ወጣ። በ1906 ብሪታኒያ ያወጣችው የጦር መርከብና ከዚያ በኋላ ከጀርመን ጋር የተጀመረው የባሕር ኃይል እሽቅድምድም የሚወደድ ታሪክ ነው። ልጅቷም ወዳዋለች፣ የመርከቡን ስም ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ግን ከአምስቱ ርዕሶች አንዱንም አልያዘም። ደስ የሚል ዝርዝር ሲወጣ ያማል፤ ቢሆንም ይውጣ።

የቀሩት ስድስት ናቸው፦ የሦስትዮሽ ኪዳን፣ የሦስትዮሽ ስምምነት፣ ባዶ ቼክ፣ ክተት፣ የሽሊፈን ዕቅድ፣ የቤልጂየም ገለልተኝነት።

እዚህ ላይ የትርጉም አጻጻፍ ብዙ ያበላሻል። «ክተት፦ ሠራዊትን ለጦርነት ማዘጋጀት» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ልክ ነው፣ መዝገበ ቃላትም እንዲሁ ይላል። ነገር ግን ፈተናው ላይ ማንም ክተት ምን እንደሆነ አይጠይቃትም። የሚያስፈልጋት ክተት በዚህ ክርክር ውስጥ ለምን እንደሚከብድ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቃል ሁለት መስመር ሰጠን። አንዱ «ምንድን ነው»፣ ሌላው «እዚህ ምን ይሠራል»።

ክተት
ምንድን ነው፦ ተጠባባቂ ጦር ጠርቶ፣ አስታጥቆ፣ በባቡር ወደ ድንበር ማጓጓዝ።
እዚህ ምን ይሠራል፦ ሩሲያ ጁላይ 30 ክተት ስታዝ የጀርመን ዕቅድ ጊዜ ያልቅበታል። ስለዚህ ጀርመን ክተቱን እንደ ማስፈራሪያ ብቻ አይታ ልታልፈው አልቻለችም።

የሽሊፈን ዕቅድ
ምንድን ነው፦ ጀርመን በሁለት ግንባር እንዳትዋጋ ፈረንሳይን በቤልጂየም በኩል ዞሮ ቶሎ ማሸነፍ፣ ከዚያ ጦሩን ወደ ሩሲያ ማዞር።
እዚህ ምን ይሠራል፦ የምሥራቁን ጠብ ወደ ምዕራብ አመጣው። ሩሲያ ዘግይታ ትዘጋጃለች በሚል ግምት ላይ ስለቆመ መዘግየትን አይችልም።

ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንዱ ያለ ሌላው ትርጉም እንደሌለው ያያል። ሩሲያ ክተት ማወጇ ጀርመንን ለምን እንዳስቸኮላት የሚገባን የሽሊፈንን ዕቅድ ስናውቅ ነው። ቁልፍ ቃላት በፊደል ተራ ሲደረደሩ ይህ ይጠፋል። ስለዚህ ለብቻቸው በሳጥን ከሚቀመጡ በሚያገለግሉት ርዕስ ሥር ቢገቡ ይሻላል።

የሚምታቱ ስሞች ደግሞ የግድ አጠገብ ላጠገብ መጻፍ አለባቸው። የሦስትዮሽ ኪዳንና የሦስትዮሽ ስምምነት በስም ይቀራረባሉ፤ በይዘት ግን አይገናኙም። የመጀመሪያው የጀርመን፣ የኦስትሪያ-ሀንጋሪና የጣሊያን የተጻፈ የጦር ኪዳን ነው። ሁለተኛው ብሪታኒያ ከፈረንሳይና ከሩሲያ ጋር የነበራት መቀራረብ ነው። የ1904ቱና የ1907ቱ ስምምነቶች በዋናነት በቅኝ ግዛት ላይ የነበረውን ጭቅጭቅ የሚያበርዱ ነበሩ፤ ብሪታኒያ እንድትዋጋ አያስገድዱም። ሦስተኛው ርዕስ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። የመጀመሪያው ሾርት ኖቷ ግን አምስቱን ስምምነቶች አንድ ዓይነት አድርጎ በአንድ ዓምድ ደርድሯቸው ነበር።

አሁን ብዙ ሾርት ኖት ወደሚበላሽበት ቦታ ደረስን፤ ቀስት። ቀስት አጭር ነው፣ ቆንጆም ነው። ምን ማለት እንደሆነ ግን አይናገርም። «ሀ ከለ በፊት ሆነ» ማለት ሊሆን ይችላል። «ሀ ለን አመጣ» ማለትም ሊሆን ይችላል። ወይም ሀ ለን አመቻቸ እንጂ አላመጣውም። መልሷ ሦስቱን በጥንቃቄ ለይቷቸዋል። ቀስቱ ሦስቱንም አንድ ያደርጋቸዋል።

የጁላይን ሰንሰለት በቀስት እንዲህ ጽፋው ነበር፦ ሳራዬቮ → የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ → ኦስትሪያ-ሀንጋሪ በሰርቢያ ላይ → ሩሲያ → ጀርመን → ፈረንሳይ → ብሪታኒያ። ሲያዩት አንዱ ሌላውን እየገፋ የሚጥል ይመስላል። የመልሷ አምስተኛ አንቀጽ የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው፤ በየደረጃው ሌላ መንገድ የነበራቸው ሰዎች ወሰኑ ይላል። ማለትም ወረቀቱ የመልሱን ተቃራኒ እያስጠናት ነበር።

ቀስቱን አወጣንና በፋንታው ቃል አስገባን። «ቀደመ»፣ «አመቻቸ»፣ «አስከተለ»፤ ከሦስቱ አንዱን። ከዚያ ቀኖቹን ጻፍንና ከእያንዳንዱ ቀን ጎን ማን ምን እንደወሰነ ጨመርን፦

ጁን 28፦ የኦስትሪያ-ሀንጋሪ አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ሳራዬቮ ላይ ተገደለ።
ጁላይ 5 እና 6፦ ጀርመን ኦስትሪያ-ሀንጋሪን እደግፋለሁ አለች (ባዶ ቼክ)። ወሳኙ፦ በርሊን።
ጁላይ 23፦ ለሰርቢያ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። ወሳኙ፦ ቪየና።
ጁላይ 28፦ ኦስትሪያ-ሀንጋሪ በሰርቢያ ላይ ጦርነት አወጀች። ወሳኙ፦ ቪየና።
ጁላይ 30፦ ሩሲያ አጠቃላይ ክተት አዘዘች። ወሳኙ፦ ፒተርስበርግ።
ኦገስት 1 እና 3፦ ጀርመን በሩሲያ፣ ከዚያ በፈረንሳይ ላይ አወጀች። ወሳኙ፦ በርሊን።
ኦገስት 4፦ ቤልጂየም ተወረረች፤ ብሪታኒያ ገባች። ወሳኙ፦ ለንደን።

ቀኖቹ በዚህ መልክ ሲቀመጡ ቀስቱ የሸፈነው ነገር ወጣ። ከግድያው እስከ ማስጠንቀቂያው 25 ቀናት አሉ። ግድያው ማስጠንቀቂያውን ወዲያው «አስከተለ» ማለት አይቻልም፤ በመሃል ቪየናና በርሊን ተመካክረዋል። በቀስት ስዕል ላይ ግን ይህ የ25 ቀን ክፍተት ከማንኛውም ሌላ ክፍተት ጋር እኩል ነው። ልጅቷ ይህን ስታይ «ግድያው አመቻቸ ነው የሚባለው» አለች። በዚህ አንድ ቃል ወረቀቱና መልሱ ታረቁ።

ወረቀቱ ካለቀ በኋላ የሚሠራ መሆን አለመሆኑን ማየት ይቀራል። ደጋግሞ ማንበብ እዚህ ላይ ያታልላል። በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጫጭር ጽሑፎች አስነብበው ነበር። አንዳንዶቹ ጽሑፉን ደግመው አነበቡት፤ ሌሎቹ የሚያስታውሱትን ሳያዩ ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ ለመጻፍ የሞከሩት በለጡ። ፈተና ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይደለም።

ስለዚህ ወረቀቱ ሲነደፍ ጀምሮ እንዲሸፈን ሆኖ ነው መነደፍ ያለበት። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ዋልተር ፖክ ያስተዋወቀው የማስታወሻ አያያዝ ለዚህ ይመቻል፦ በግራ ጠበብ ያለ ዓምድ፣ በቀኝ ሰፊው። እኛ በግራው ለእያንዳንዱ ርዕስ አንድ ጥያቄ ጻፍን። «ኪዳን መፈረም ማለት መዋጋት ከሆነ፣ ጣሊያንስ?» ቀኙ ይሸፈናል፤ መልሱ በቃል ወይም በባዶ ወረቀት ላይ ይወጣል። ከዚያ ይገለጣል።

ይህን ስታደርግ ስህተቷን አይነት በአይነት እንድትለይ ነገርኳት። ዓመተ ምሕረት ከረሳች ወረቀቱ ደህና ነው፤ ትንሽ መደጋገም ይበቃታል። ዓመተ ምሕረቱን ይዛ ለምን እንደመጣ ከረሳች ግን ጥፋቱ የወረቀቱ ነው። «የሚያፈርሰው» ወይም «የሚደግፈው» መስመር ጎድሏል፣ ወይም ደክሟል። ያንን ብሎክ ደግማ ከማንበብ ይልቅ ወደ ረጅሙ መልስ ተመልሳ እንደገና መጻፍ አለባት። ሁለቱን ሳይለዩ «ገና አልያዝኩትም» እያሉ ወረቀቱን መሸምደድ ብዙ ማታ ያስበላል።

አንድ ገደብም አለ። ከአንድ መልስ የወጣ ወረቀት የተሰፋው በአንድ ጥያቄ ልክ ነው። ፈተናው ላይ ግን ያው ጥያቄ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ በዚያው ርዕሰ ጉዳይ ሌላ ጥያቄ ወረወርኩላት፦ «ለጦርነቱ ተጠያቂዋ ጀርመን ነበረች?» ይህ የቆየ ክርክር ነው። በ1919 የተፈረመው የቬርሳይ ስምምነት 231ኛ አንቀጽ ኃላፊነቱን በጀርመንና በአጋሮቿ ላይ ጥሎ ነበር፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ከዚያ ወዲህ ሲከራከሩበት ኖረዋል።

ብሎኮቹ እያንዳንዳቸው አቋም፣ ማስረጃና ማብራሪያ ስላላቸው ቦታ መቀየር ይችላሉ። የጁላይ ቀኖች ከታች ወደ ላይ ወጡ፤ አሁን ዋናው ማስረጃ እነሱ ሆኑ። ባዶ ቼኩ ከአንድ መስመር ወደ ራሱ ርዕስ አደገ። የሽሊፈን ዕቅድ ባለበት ቆየ፤ የታችኛዋ መስመሩ ብቻ ተቀየረች። ፊት «ጊዜ አሳጣ» የሚለውን ይደግፍ ነበር፤ አሁን «ጀርመን ጦርነቱን ወደ ምዕራብ አሰፋች» የሚለውን ይደግፋል። ጣሊያን ወደ ዳር ሄደች፤ ግን አልወጣችም። የገዛ አጋሯ ጣሊያን «ጠብ ጫሪዋ ኦስትሪያ-ሀንጋሪ ናት» ማለቷ ኃላፊነቱ የጀርመን ብቻ አለመሆኑን ያሳያል። ይህን ራሷ ናት ያገኘችው። ከ«1882 ጣሊያን ተጨመረች» ይህ አይገኝም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቆምን። ጀርመንን ተጠያቂ ለማድረግ ወይም ላለማድረግ የሩሲያን ውሳኔ መመዘን ያስፈልጋል። ጁላይ 30 የሚለው መስመር ጎን «ወሳኙ፦ ፒተርስበርግ» ይላል፤ ለምን እንደወሰነ ግን ምንም የለም። ወደ ረጅሙ መልስ ተመለስን። እዚያም የለም። የመጀመሪያው ጥያቄ ስላልፈለገው አልጻፈችውም። የክለሳ ወረቀት መልሱ ውስጥ የሌለውን አይወልድም፤ እዚህ ላይ ያለው አማራጭ መጽሐፍ መግለጥ ብቻ ነው። ባዶውን ቦታ በግምት እንዳትሞላው አልኳትና በግራው ዓምድ ጥያቄውን ጽፈን ቀኙን ክፍት ተውነው፦ «ሩሲያ ለሰርቢያ እንድትዋጋ የሚያስገድዳት የተጻፈ ኪዳን አልነበራትም። ታዲያ ለምን ክተት አወጀች?»